ሰኞ ያስረከብሁት ጽሑፍ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በእኔ ላይ የሚያሾፍበት ዋናው ነገር አጻጻፌ ነበር። «አንቺ ደብዳቤ ጽፈሽ እስክትጨርሺ ተቀባዩ አርጅቶ መነጽር ያስፈልገዋል» ይለኝ ነበር። አልተሳሳተም፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ይህችን እንኳ ከጀመርሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ነገር ግን እሱ ባረፈበት ዓመት ለኮርስ የጻፍሁት ጽሑፍ የዘገየው በእጄ ዝግታ አልነበረም። ጽሑፉ በጊዜው አልቆ፣ ታትሞ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ቤቴ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። የዘገየሁት በጨዋነት ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ እስካሁን ትስቃለች።

እሱ ያረፈው በብርዱ ወራት ነው። ሰባቱ የሐዘን ቀን ሲያልቅ ቤኤር ቱቪያ ወዳለው ፋብሪካ ተመለስሁ፤ ሥራዬ ማሸግ ነው። ጥቂት ቆይቼ ያቭነ ውስጥ ለመዋዕለ ሕፃናት ረዳቶች በሚሰጥ ኮርስ ተመዘገብሁ። ጌዴራ፣ ልጄ በምትኖርበት ሰፈር ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት «ከመስከረም ጀምሮ ቦታ አለን፤ የኮርሱን ምስክር ወረቀት ካመጣሽ ያንቺ ነው» ብሎኝ ነበር። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ደግሞ በኮርሱ ጠቅላላ ውጤት ሰባና ከዚያ በላይ ላገኘ ነው። ስድሳ ዘጠኝ ያመጣ ሰው የሚያገኘው «በኮርሱ ተካፍላለች» የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው።

በየሰኞው ከሰዓት በኋላ ከቂርያት መላኪ አውቶቡስ ይዤ እሄዳለሁ። አብራኝ የምትሄድ አንዲት ጎረቤቴ ነበረች፤ ከእኔ በዐሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች፣ አንደበቷ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን መምህራችን ሁለት ገጽ ወረቀት አደለችን። ሲላቡስ ይሉታል። እኔ ተራ ነገር መስሎኝ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ለካ የኮርሱ ሕግ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ክትትልና ተሳትፎ ከመቶ ሃያ፣ ፈተና አርባ፣ የመጨረሻው ጽሑፍ አርባ። ከታች በደቃቅ ፊደል፦ ጽሑፉ በኮርሱ ድረ ገጽ ይላካል፤ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው፤ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን፣ ዓርብና የቅዳሜ ሰንበት ጭምር፣ ከጽሑፉ ውጤት አምስት ነጥብ ይቀነሳል፤ ከሰባት ቀን በኋላ አይቀበሉም።

ጽሑፉ ስለ አንድ ሕፃን ነበር። አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ፣ ሕፃኑ ጠዋት እናቱ ትታው ስትሄድ የሚያደርገውን ለአምስት ሳምንት አየሁ። በር ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም፣ መጀመሪያ የሚያነሣው መጫወቻ የቱ እንደሆነ፣ ማን ሲጠራው እንደሚመለስ። በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ልጄ ዕብራይስጡን ታቃናልኛለች። ረቡዕ ማታ ጨረስሁ። ልጄ «ያላ፣ በይ እማ፣ ልላክልሽ?» አለችኝ።

«ተይው፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አልኋት።

እሷ ራሴ እልከዋለሁ ያልሁ መስሏት ተወችው። እኔ ግን አደርሰዋለሁ ስል አደርሰዋለሁ ማለቴ ነው። ሐሙስ ድረስ ጨርሱ ተባለ፣ ጨረስሁ። ሰኞ መምህሯን አገኛታለሁ፤ ተነሥቼ በሁለት እጄ እሰጣታለሁ። እንዲህ ነው እንጂ፣ የአምስት ሳምንት ድካም ፊት ሳያዩ እንደ ቆሻሻ ከረጢት አንድ ቦታ ጥለው ይሄዳሉ? ሰኞም እንዳሰብሁት አደረግሁ። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋት። መምህሯ ገና ወጣት ናት፤ ግራ ተጋብታ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ጎረቤቴ ከኋላ፣ «እትዬ፣ ጋብቻ ነው እንዴ የምትጠይቁ?» ብላ አሳቀችብኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ። ከላይ ሰማንያ አምስት ይላል። ሥሩ «አራት ቀን፣ ሃያ ይቀነስ»። ሥሩ ስድሳ አምስት። ትንሽ ከፋኝ፤ ነገር ግን ጠቅላላውን ሳላሰላ፣ ስድሳ አምስት መውደቅ አይደለም ብዬ ተጽናናሁ። ፈተናውም ስድሳ ነበርና ሁሉም በስድሳዎቹ ሰፈር ተስማምቶ የሚኖር መሰለኝ። ያን ዕለት ጌዴራ ወርጄ ለልጄ አሳየኋት።

«አራት ቀን? እማ! ረቡዕ ጨርሰሽ አልነበር?»

«ጨርሻለሁ። ሰኞ ሰጠኋት።»

«በእጅሽ?»

«በምን ልስጣት? በእግሬ?»

ልጄ ስልኳን አውጥታ ማስላት ጀመረች። «ክትትልሽ ዘጠና ነው፣ ከሃያው ዐሥራ ስምንት ይሆናል። ፈተናሽ ስድሳ፣ ከአርባው ሃያ አራት። ጽሑፍሽ ስድሳ አምስት፣ ከአርባው ሃያ ስድስት። ድምሩ ስድሳ ስምንት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ባትዘገዪ ኖሮ ሰባ ስድስት ነበርሽ። በየቀኑ አምስት ይቀንሳሉ፤ ጽሑፉ ከመቶ አርባ ስለሆነ ከኮርሱ ላይ በቀን ሁለት ይወርዳል። አራት ቀን፣ ስምንት ነጥብ።»

«ሰንበትንም ቆጥረው?»

«ሰንበትንም። ኮምፒውተር ሰንበት አያከብርም።»

ሰንበትን ቢተዉልኝ ልክ ሰባ ነበርሁ። ይህን ሳስብ ሳቅም ንዴትም መጣብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰንበትን አክብሬ፣ ሰንበት በሁለት ነጥብ ልትጥለኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ ለጎረቤቴ ነገርኋት። እሷ ሲላቡሱን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች። «እትዬ፣ እዚያው ላይ አለ እኮ። የታመመ፣ የወለደ፣ ለውትድርና የተጠራ፣ የቅርብ ዘመድ የሞተበት፣ ማስረጃ ካመጣ ቅጣት የለበትም። የጋሼን የሞት ወረቀት ይዘው ይሂዱ።»

«እሱ ካረፈ አምስት ወር አለፈው።»

«እና ማን ቀን ይቆጥራል?»

«እነሱ ናቸዋ! ቀን ስለቆጠሩ አይደል እዚህ የደረስሁት?»

«አንቱ ደግሞ! ሐዘን ገና አልወጣልኝም ይበሉ። ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አስተካከልሁ። እሷም ገብቷት መስኮቱን ታይ ጀመር።

እውነቱን ልጻፍ፤ በሳምንቱ መምህሯን ለማነጋገር ስሄድ የሞት ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። ማኅተሙ ያለበት፣ ስሙ፣ ቀኑ። መምህሯ ክፍሏ ውስጥ ወንበር ሳበችልኝ። ረቡዕ እንደጨረስሁ፣ ለምን ሰኞ እንዳመጣሁት ነግሬ ሰንበትን እንድትተውልኝ ጠየቅኋት። አልሳቀችም። «እኔ አምንሻለሁ፤ ግን ሰኞ ያመጡ ሌሎች ሁለት ሰዎችም አሉ፤ ላንቺ ሰንበትን ብተውልሽ ለእነሱስ?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ሰሞን የተፈጠረ ነገር አለ? ማስረጃ ካለሽ ቅጣቱን አነሣዋለሁ። ሁሉንም» አለች።

እጄ ቦርሳዬ ላይ ነበር። ሰባ ስድስት እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ሰሞን ግን ምንም አልተፈጠረም፤ እሱ የሞተው በጥር ነው። ያን ሐሙስ እኔ ቤቴ ተቀምጬ በጽሑፌ ላስቲክ እየተደሰትሁ ነበር። እሱንም በደንብ አውቀዋለሁ፤ ይህን ቢያይ «ሞቼም ላንቺ ጉዳይ ቢሮ ለቢሮ ልንከራተት?» ነበር የሚለኝ። በሕይወት ሳለ ወረፋ መቆም እንደሱ የሚጠላ አልነበረም።

«የለኝም» አልኋት።

መምህሯ ትንሽ አሰበችና ሌላ ወረቀት ሳበች። «የጽሑፉ ጉዳይ ተዘግቷል። ግን ፈተናውን ሁለተኛ ጊዜ መውሰድ መብትሽ ነው። በዚህ ሳምንት ተመዝገቢ። አንድ ነገር ዕወቂ፤ የሚያዘው የመጨረሻው ውጤት ነው፣ ዝቅ ቢልም።» ከዚያ እርሳስ ይዛ አሳየችኝ። ሁለት ነጥብ ይጎድለኛል። ፈተናውም ከመቶ አርባ ስለሆነ፣ እዚያ የማመጣው አምስት ነጥብ እዚህ ሁለት ይሆናል። ከስድሳ ወደ ስድሳ አምስት መውጣት አለብኝ። አንድ የዘገየ ቀን፣ አምስት የፈተና ነጥብ። ሰንበትን በፈተና መልሼ ላመጣት ነው ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ዓርብ ዓርብ ጌዴራ እሄዳለሁ፤ ልጄ ትጠይቀኛለች።

«ሕፃን ምግብ አንቆት ማሳል ቢያቅተው?»

«ጀርባውን እመታዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እንዳንቺ አባት አይደለም። እሱ አንቺን አንድ ጊዜ በእግርሽ ዘቅዝቆ ይዞ ሰፈሩን አዞረሽ።»

«እማ፣ ይህን ፈተናው ላይ እንዳትጽፊ።»

አለርጂ ያለበት ልጅ የሚበላውን የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ዳይፐር በቀየርሁ ቁጥር እጄን መቼ መቼ እንደምታጠብ፣ ልጅ ብቻውን የሚጫወትበትና ከሌላው ጋር መጫወት የሚጀምርበት ዕድሜ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ውጤቴ ዝቅ ያለው ባለማወቅ አልነበረም፤ ቀስ ብዬ ስጽፍ ሰዓቱ አለቀብኝና አራት ጥያቄ ባዶ ቀረ። አሁን ልጄ ሰዓት ይዛ ትቆምብኛለች። «ያላ፣ እማ፣ ፊደሉን አታስጊጪው!»

በፈተናው ቀን ሁሉንም ሞላሁ። የመጨረሻው መልስ አስቀያሚ ነበር፤ እኔ ራሴ ላነበው አልቻልሁም፣ አራሚው እንዴት እንዳነበበው እስካሁን አላውቅም።

ውጤቱ በስልኬ የመጣው ፋብሪካው ውስጥ፣ በሻይ ዕረፍት ነው። ስድሳ ስድስት። ቁጥሩን አሁን እኔም ማስላት ዐውቄአለሁ፤ ገና ባልታጠፈ የማሸጊያ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፍሁት። ሃያ ስድስት ከአራት ዐሥረኛ፣ ሃያ ስድስት፣ ዐሥራ ስምንት። ሰባ ከአራት ዐሥረኛ። ሁለቴ ደመርሁት። ለልጄ ደወልሁ።

«እማ! አለፍሽ! አንድ ቀን ጨምረሽ ቢሆን ግን ስድሳ ስምንት ነበርሽ፣ ታውቂያለሽ?»

«ማክሰኞ ክፍል የለማ!» አልኋት።

ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ሲገኝ ቤት ገብቼ የምነግረው ሰው ነበረ፤ «ሰባ? ለመቶ ምን ያህል ቀረሽ?» ብሎ የሚያቃልልብኝ። ደወሉ ሲደወል ወደ ማሸጊያው መሥመር ተመለስሁ። ከጎኔ የቆመችው የመሥመሩ ኃላፊ ካርቶኑ ላይ የጻፍሁትን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከነሐሴ በኋላ እንደማልመጣ ያን ጊዜ ነገርኋት። ካርቶኑን ገልብጣ ሁለቴ አነበበችው።

«ይህን ያህል ተጠግተሽ ነው ያለፍሽው?»

«ቤሰደር፣ ደኅና ነው፣ አልፌአለሁ» አልኋትና ካርቶኑን አጥፌ ሳጥን ሠራሁት፤ ቁጥሮቹን ወደ ውስጥ አድርጌ። አሽጌም ላክሁት።