የሰባት ቀን ሻማ

ሙሉወርቅ ከዙሪክ አጠገብ ካለችው ረገንስዶርፍ የደወለችው እሑድ ጠዋት ነበር። ተናኘወርቅ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር፣ በቀጣሪዎቿ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ባለችው ክፍሏ የሳምንቱን ልብሷን እየተኮሰች ነበርና ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ሰክታ አነሳችው።

«ተናኜ፣ ሰው ልጥራ እንዴ?»

«የምን ሰው?»

«ጠያቂ ነዋ። እምቢ ካልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የማኅበሩ ሴቶች ልጄን መግቢያ መውጫ አሳጧት። የዛሬ አሥራ አምስት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይምጡ ብላቸው ምን ትያለሽ?»

«ደግ ነዋ። ጥሪያቸው።»

«ሽታውስ?»

ተናኘወርቅ ካውያውን አቆመችው። የሙሉወርቅ የጡት ካንሰር ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ቆይቷል። ነርሷ ጠዋትና ማታ እየመጣች ታጥባለች፤ ሽታ የሚይዝ የከሰል ፋሻ ትለጥፋለች፤ ያም ሆኖ ክፍሉ ይሸታል። ዙሪክ ውስጥ አንድ ሰው ታመመ ከተባለ ሾርባ በቴርሞስ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው ሙሉወርቅ ነበረች። አሁን በሯን የዘጋችው እሷው ናት። መጀመሪያ የመጣችው ጠያቂ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስታጽናናት ቆይታ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረግ አደረገች። ሳታስበው ነበር። ሙሉወርቅ ግን አየች።

«አንቺ ሻማ ትሠሪ የለ?» አለች ሙሉወርቅ። «ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር የሚል ሥሪልኝ። ለእንግዳ እንደሚጎዘጎዘው። ክፍሉ እሱን እሱን ከሸተተ ይገባሉ። ካልሸተተ ከበር ይመለሳሉ።»

«ሻማ ዛሬ ተሠርቶ ዛሬ አይበራም እኮ። ሁለት ሳምንት ይሰነብታል።»

«እኔም እየሰነበትኩ ነው። አብረን እንሰንብት።»

ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ስልኩን ሊዲ፣ ልጇ፣ ተቀበለቻትና ዘጋችው።

ሁለቱ የተዋወቁት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው፤ በአንድ አምባሳደር ቤት፣ ሙሉወርቅ ልጅ ጠባቂ፣ ተናኘወርቅ ወጥ ቤት ሆነው። ሙሉወርቅ አግብታ ወደ ዙሪክ ሄደች። ተናኘወርቅ ጄኔቭ ቀረች፤ አንዱ ዲፕሎማት አገሩ ሲመለስ ለሌላው እየተላለፈች፣ በየጊዜው አዲስ የሥራ ካርድ እየወጣላት፣ ሳታገባና ሳትወልድ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላት። ሻማውን ያስተማራት ሰው የለም። ከእመቤቶቿ አንዷ ቤቱን ለቅቃ ስትሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ የነደደ ሻማ ጥላ ነበር፤ ተናኘወርቅ ብርጭቆዎቹን ላጥብ ብላ ጀመረችና በዚያው ቀረች። እሑድ እሑድ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሰው ሲሄድ፣ እሷ በትንሿ ምድጃዋ ሰም ታቀልጣለች።

የዚያን ዕለትም ልብሱን ትታ ሰሞቿን አወጣች። ሦስት ዓይነት ነበራት። የንብ ሰሙን ወዲያው መለሰችው፤ ለጧፍ ካልሆነ የራሱ የማር ሽታ ስላለው ሌላውን ሽታ ይጫነዋል። ፓራፊኑን ግን በእጇ ይዛ ቆየች። ፓራፊን ሽታውን ቶሎ ይለቃል፤ ሦስት አራት ቀን ካደረ ይበቃዋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ክሩ ወፍሮባት የቀጣሪዎቿን ሳሎን ግድግዳ ጥላሸት አልብሶባት ያውቃል። የሙሉወርቅ በሽታ ደግሞ ሳንባዋ ገብቷል። የአኩሪ አተር ሰሙን መረጠች። እሱ ለስላሳ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ሽታውን ከውስጡ አዋህዶ ለመልቀቅ ግን ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ልክ ሁለት ሳምንት ደግሞ አላት።

ግማሽ ኪሎ ሰም መዝና ማሰሮ ውስጥ ጨመረች፤ ማሰሮውን በፈላ ውሃ ድስት ላይ አስቀመጠች። ሰሙ ቀልጦ እንደ ዘይት ጠራ። ቴርሞሜትሩ ሰባ አምስት ሲል እሳቱን አጠፋች፤ የጠጅ ሳሩን ዘይት ከፈተች።

ለግማሽ ኪሎ ሰም አርባ ግራም ነው ልኩ፤ ከመቶ ስምንት። ቢበዛ ቢበዛ ሃምሳ። ከዚያ በላይ ያ ሰም አይሸከምም። ይህን ተናኘወርቅ ታውቃለች፤ ስንት ሻማ ተበላሽቶባት ነው ያወቀችው። ሚዛኑ አርባ ሲል እጇ ቀጥ አለ። ለሙሉዬ በግራም? አለች በልቧ። ባደገችበት ቤት ለእንግዳ በልክ መቅዳት ነውር ነበር፤ ጽዋ ሞልቶ ካልፈሰሰ እንደ ንፉግነት ይቆጠራል። ጠርሙሱን አጋደለችው። ሚዛኑ ዘጠና ላይ ቆመ።

ሁለት ደቂቃ አማሰለች፤ ሰሙ ሃምሳ አምስት እስኪደርስ ቀዘቀዘ፤ ክር ወደተተከለባቸው ሦስት ብርጭቆዎች ቀዳች። ክፍሏ ሁሉ ጠጅ ሳር ሆነ። ሲረጋ ክዳናቸውን ገጥማ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከክረምት ካፖርቷ በስተጀርባ ደበቀቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ አልከፈተችም። ሻማ ሲሰነብት አይነካካም።

በሳምንቱ እሑድ አንዱን ለመሞከር አወጣችው። ክዳኑን ስታነሣ ሰሙን አልቦት ነበር። ፊቱ ላይ ዘይቱ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ብሏል፤ ክሩ ዙሪያ ደግሞ አቁሯል። በወረቀት ጠርጋ ለኮሰችው። ነበልባሉ ተንጣጣ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ወዲያው ሰጠመ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን አልከፈተችውም። ሰሙ መያዝ የቻለውን ይዞ የቀረውን ተፍቶታል።

አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ደግ የሆነች መስሏት ሰባት ቀን ጣለች። ሰባት ቀን ቀራት።

ፓራፊኑ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ዛሬ ቢሠራ እስከ ሐሙስ ይደርሳል። ድስቱ ውስጥ እስከ መጨመር ደርሳ ነበር። የሙሉወርቅ ሳል በጆሮዋ መጣባትና አውጥታ ወደ ከረጢቱ መለሰችው። እንደገና አኩሪ አተር፣ ግማሽ ኪሎ። ዘይቱን አሁን አርባ ግራም ላይ አቆመች። ሦስት ብርጭቆ ወጣው። ከሚያስፈልገው ጊዜ ግማሹን ብቻ እንደሚሰነብት እያወቀች ደበቀችው።

የቀጠሮው እሑድ በጠዋት ባቡር ተሳፈረች። ብርጭቆዎቹን በሹራብ ጠቅልላ ሦስት ሰዓት ያህል በጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ረገንስዶርፍ ስትደርስ በጀርመንኛ ታንቴ፣ አክስቴ፣ የምትላት ሊዲ በሩን ከፈተችላት።

«ታንቴ ተናኜ፣ ማማ ቀሚስ ለብሳለች» አለች በሹክሹክታ። «ሰማያዊውን። ከአራት ሰዓት ጀምሮ።»

ሙሉወርቅ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተሠርቷል። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል እንጂ አልለበሳትም።

«ይኸውልሽ ሙሽራ ሆኛለሁ» አለች። «በይ አብሪ። ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።»

ተናኘወርቅ ሁለቱን ለኮሰች፤ አንዱን ከመስኮቱ ሥር፣ አንዱን ከአልጋው ራስጌ። ሦስተኛውን ሳትከፍት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ነበልባሉ ደህና ነበር፤ ጭስ የለው፣ መንጣጣት የለው። ሰሙ ቀልጦ እስከ ብርጭቆው ጠርዝ ተዳረሰ። ተናኘወርቅ በሩ ጋ ቆማ አየሩን ሳበች። ምንም። ሁለት እርምጃ ቀረበች። ምንም። ጎንበስ ብላ ብርጭቆው ላይ አፍንጫዋን ስትደቅን ብቻ ቀጭን የጠጅ ሳር ሽታ መጣ፤ ቀና ስትል ሌላው ሽታ ብቻውን ቀረ።

ሙሉወርቅ የተናኘወርቅን ፊት አየች።

«አንቺ ተናኜ፣ ውሸት አትችዪም።»

«ትንሽ ይጠብቅ። እየሞቀ ሲሄድ...»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሰባት።»

«አሥራ አራት አላልሽኝም?»

«መጀመሪያ የሠራሁት ተበላሸብኝ። ዘይቱን አበዛሁት።»

«ምነው?»

«ላንቺ ነዋ» አለች ተናኘወርቅ።

ሙሉወርቅ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። «ወጥሽም ቅቤው ይበዛ ነበር። አምባሳደሩን በኮሌስትሮል ልትጨርሺው ነበር።»

የበሩ ደወል ጮኸ። ኮሪደሩ በሴቶች ድምፅ ሞላ፤ ጫማ ሲወልቅ፣ የምግብ ዕቃ ሲቀመጥ፣ «እንዴት ናት? እንዴት ናት?» ሲባል ይሰማል።

«ዝጊው» አለች ሙሉወርቅ።

«ሙሉዬ፣ እነሱ እኮ አይጸየፉሽም።»

«አውቃለሁ። እነሱ ይችላሉ። እኔ ነኝ የማልችል። ዝጊው እባክሽ።»

ተናኘወርቅ በሩን ዘጋችው። ሴቶቹ ነገሩ ገባቸውና አንድ በአንድ ወደ በሩ እየቀረቡ ከእንጨቱ ጋር ተነጋገሩ። «እግዜር ይማርሽ ሙሉዬ።» «ምሕረቱን ያውርድልሽ።» አንዷ፣ ተዋበች የምትባል ድምፀ ጎርናና፣ «ሾርባሽን ለምደን አሁን ማን ያጠጣናል? ተነሺ እንጂ» አለች። ሙሉወርቅ ለሁሉም «አሜን» ትላለች፤ ድምፅዋ ከበሩ አያልፍም። ተናኘወርቅ «አሜን ብላለች» እያለች ታስተላልፋለች። እንዲህ ሆኖ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሲሄዱ ሙሉወርቅ ቀሚሱን አውልቁልኝ አለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አረፈች። አጠገቧ የነበረችው ሊዲ ብቻ ናት።

በቀጣዩ እሑድ የረገንስዶርፉ ቤት ሰው መያዝ አቅቶት ነበር። ከጄኔቭ፣ ከበርን፣ ከዙሪክ የመጣ ለቀስተኛ ሳሎኑን ሞልቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ተረፈ። አልጋው ወጥቷል፤ መስኮቱ ሦስት ቀን ተከፍቶ ነበር፤ በቦታው ወንበር ተደርድሯል። ሊዲ የእናቷን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠች በኋላ መደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ ብርጭቆ አገኘች። ክዳኑን አንሥታ ለኮሰችው።

ተናኘወርቅ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። ሽታው እዚያ ድረስ መጣ። መጀመሪያ ሳሩን የጎዘጎዘ ሰው ያለ መሰላትና ዞር ብላ ወለሉን አየች። ከዚያ በጣቶቿ ቀን ቆጠረች። አሥራ አራት።

እጇን ሳትጠርግ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደች። ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ጠጅ ሳር ይሸታል። ሴቶቹ ጥግ ለጥግ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ውይ፣ እንዴት ያለ ሽታ ነው» አለች ተዋበች ቀስ ብላ። «የእንግዳ ቤት ይሸታል። ማነው የሠራው?»

ሊዲ ወደ ተናኘወርቅ አየች። ተናኘወርቅ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር፤ ከእጇ የሳሙና ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ላጥፋው ታንቴ?» አለች ሊዲ።

«ተይው» አለች ተናኘወርቅ። «እንግዳ አለ።»

ቦታ ሰጧት። አልገባችም፤ ያን እሑድ በዘጋችው በር ላይ ቆማ ቀረች።