ዳስሻታለሁ ያልኩባት ሌሊት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናዝዤው አላውቅም። አንባቢዬ፣ ለአንተ ልናዘዘው።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ደብረ ታቦር። የነርስነት ትምህርት አንደኛ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ የመጀመሪያ የሌሊት ተራዬ ከሲስተር የሺ ጋር ማዋለጃ ክፍል ደረሰኝ። በዚያ ክፍል ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጣ የማያውቁ ሴት ነበሩ። ገና እንደገባሁ እጄን ይዘው እናኑ በምትባል አራስ ሆድ ላይ አኖሩት። እናኑ ከጉና በቃሬዛ መጥታ ሴት ልጅ ተገላግላለች።

«ይሄ የጠጠረው ማህፀኗ ነው፤ ከላላ ደሟ አይቆምም። በየሩብ ሰዓቱ ዳስሺ። እጅሽንም ከወገቧ ሥር ስደጂ፤ ደም እዚያ ነው የሚሸሸግ» አሉኝና ምጥ ወደያዛት ሌላ ሴት ሄዱ።

አንዴ ዳሰስኳት። ከዚያ በኋላ ግን እጄ በረዶ ሆነ፤ እሷም ጋቢዋን እስካንገቷ ተከናንባለች። መግለጡን አፈርኩ። እግርጌዋ ቆሜ «እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሩብ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሜም ጠየቅኳት፤ አሁንም አመሰገነች። እኔስ የዚያው አገር ልጅ አይደለሁም? የኛ ሰው ቤቱ እየነደደ እንኳ «ይመስገን» እንደሚል አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ሰነፍኩ እንጂ።

«አሁንስ ዳሰስሻት?» አሉ ሲስተር የሺ ከወዲያ።

«ዳስሻታለሁ፤ ጠጥሯል» አልኩ። ዋሸሁ።

መጥተው የእናኑን ከንፈር በፋኖስ አዩት፤ ነጥቷል። እጃቸውን ከወገቧ ሥር ሰደዱ፤ እስከ አንጓው ቀልቶ ወጣ። ሆዷን በመዳፋቸው አጥብቀው ያሹ ጀመር፤ የረጋ ደም ወጣ። ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ጭኗ ላይ ወጓት። ማህፀኗን ገፍቶ ያላላውን ሽንት በቱቦ አስወጡላት፤ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሕፃኗንም ጡት አስያዙ፤ ስትጠባ ማህፀን ይሰበሰባል።

«እጅሽን ብብትሽ ሥር አሙቂና ተቀበዪኝ» አሉኝ በለሆሳስ። አሸሁ፣ አሸሁ። ከመዳፌ ሥር ቀስ እያለ ሲጠጥር አለቀስኩ።

«አይዞሽ ልጄ። እኛ አገር ‹ይመስገን› ሰላምታ ነው፣ መልስ አይደለም። ሆዷን ነው የምትጠይቂ።» ቀጥለውም፦ «አንቺ ስትዳስሺው ጠጥሮ ነበር፤ ቶሎ ያልመጣሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ጠዋት ለሐኪሙ ይህንኑ ቃል ሲናገሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲገሠጹም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። እናኑ እጄን ስማ «እጅሽ ይባረክ እቴ» ስትለኝ «አሜን» ያሉልኝ እሳቸው ናቸው።

እናኑ በእግሯ ቆማ አገሯ ገባች። ሲስተር የሺ ግን ያን ጥፋት የራሳቸው እንዳደረጉት አረፉ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር እያልኩ አላመካኝም። በዚያ ሌሊት ልነግራቸው የሚገባኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ እነሆ ዘግይቼ እላታለሁ፦

አልዳሰስኳትም፣ ሲስተር።