ባሌ ከለከለኝ

ባሌን ጨካኝ ያደረግኩት እኔው ነኝ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ሁሉ የሚያውቁት ባል ሳንቲም የሚቆጥር፣ ሚስቱን የሚያስርብ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። እውነተኛው ባሌ ግን መንገድ ላይ ድመት ካየ መኪናውን አቁሞ «እለፊ እህቴ» የሚል ሰው ነው።

ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ውስጥ አንድ ቪላ ቤት እሱ ሹፌር፣ እኔ የቤት ሠራተኛ ሆነን እንሠራለን። ከግቢው በር አጠገብ ያለችው ክፍል የእኛ ናት። ምግቡም መኝታውም ከአሠሪዎቻችን ስለሆነ፣ ደመወዛችን መጠራቀም ነበረበት። አልተጠራቀመም። የመጀመሪያው የሁለት ዓመት ኮንትራት ሊያልቅ ሲል ከፊላችን፣ ማለትም ያስመጣን አሠሪ፣ «ታድሳላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኔ ባሌን አየሁት፣ እሱ እኔን አየኝ። ሁለታችንም እንደ ተማሪ ራሳችንን ነቀነቅን። ክፍላችን እንደገባን አለቀስኩ፤ ከማዘኔ ይልቅ መናደዴ ይበልጥ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ለካ እሱ ለራሱ ያገለገለ አይሱዙ ሊገዛ ያስብ ነበር። እኔ ደግሞ ለራሴ ወፍጮ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አንዳችን ለሌላው ትንፍሽ አላልንም። ያለንን ብንደምረው የአይሱዙውን ጎማና የወፍጮውን መዘውር ቢገዛልን ነው። ተከራከርን፣ ተኳረፍን፣ በመጨረሻ ወፍጮው አሸነፈ። የእሱ ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፦ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሞተር ፎቶ በስልኩ ይዞ ይዞራል። የእኔን ፎቶ እንኳ እንዲያ አይቶት አያውቅም።

አንድ ደብተር ገዛን። ደመወዝ በገባ ቀን ከሁሉ በፊት የወፍጮው ድርሻ ይላካል፤ የሚገባውም አገር ቤት ባለው የጋራ ሒሳባችን ነው፣ ያለ ሁለታችን ፊርማ የማይወጣ። ቀጥሎ ለእናቴና ለእናቱ እኩል ይላካል። ከዚያ የስልክ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ማንም የማይጠይቀን ሃምሳ ሪያል። ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር ካለ ሁለታችንም መስማማት አለብን። እኔ ሱወይዲ ሰፈር ያለው ሁሉም ነገር አምስት ሪያል የሚሸጥበት ሱቅ ነው የሚያጠፋኝ። ምድጃ ሳይኖረኝ የኬክ ማስጌጫ ገዝቻለሁ። የእሱ በሽታ ሽቶ ነው፤ ከከፊላችን በላይ ነው የሚሸተው። እነዚህን ተወቃቀስንና ተውን።

ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ያለፉትን ሦስት ወሮች ወጪ ስንጽፍ ከሁሉ የበለጠው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ከሳዑዲ ለሚባረር ሰው መዋጮ፣ ለአክስት ልጅ ስልክ፣ ለጎረቤት ልጅ ጫማ የሄደው ሆነ። ባሌ «ልዩ ልዩ» ብሎ ሊያልፈው ነበር። እኔ ስክሪብቶውን ነጥቄ «ይሉኝታ» ብዬ ጻፍኩት። ለይሉኝታም በወር መቶ ሪያል ወሰንንለት። በአምስተኛው ቀን አለቀ።

ታዲያ ሃያ አምስት ቀን እንዴት አድርገን ሰውን እምቢ እንበል? የለኝም ብትል ማን ያምንሃል፣ ሳዑዲ ነህ። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የእኔ ወገን ሲጠይቅ «ባሌ ከለከለኝ» እላለሁ፤ የእሱ ወገን ሲጠይቅ «ሚስቴ ከለከለችኝ» ይላል። ተጨባበጥን። እንዴት እንደሠራ አትጠይቁኝ። የሚጠይቀን ሰው ይቅርና የሠርግ ጥሪ እንኳ ቀነሰ።

ስኬት ደግሞ ያሳብዳል። የአክስቴ ልጅ ስልክ ግዢልኝ ሲለኝ ከልክሎኛል ማለቱ አልበቃኝም፤ «ሳሙናዬን እንኳ ይቆጥራል» አልኩት። ሳሙና ከየት እንደመጣብኝ እኔም አላውቅም። ባሌም አላረፈም። ለእህቱ ማታ ማታ ኪሱን እንደምፈትሽና ምሳዬን ከበላሁ በኋላ የተረፈኝን እንደምሰጠው ነገራት። ዓርብ ዓርብ የተናገርነውን እያወራን በሳቅ እንሞት ነበር። ዘጠና ኪሎ ሰው ነው እኮ።

እናቴ ግን መጠየቅ አበዛች። አንድ ጊዜ ጥርሴን አመመኝ፣ አንድ ጊዜ ቆርቆሮው አፈሰሰ፣ አንድ ጊዜ ላሟ ታመመች። ሁልጊዜም በሹክሹክታ፣ «እሱ እንዳይሰማ» እያለች። ከራሴ ሃምሳ ሪያል እየሸረፍኩ ላክሁላት፣ በልቤ ግን ተቀየምኳት። እናቴም እንደ ሰዉ ሆነች አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ከእሷ የተላከ ጥቅል ሰጠኝ። ስፈታው ሃያ ሳሙና።

ሁለተኛው ኮንትራት ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው፣ የወፍጮው ገንዘብ አራት መላኪያ ቀረው። ለከፊላችን አናድስም ልንለው ተዘጋጅተናል። በዚያ ሰሞን ዓርብ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። የእኔ አጎት፣ የእሱ አጎት፣ ሁለቱም እናቶች እናቴ ቤት ተሰብስበው ለሽምግልና ተቀምጠዋል። ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈን አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ተከሳሽ ተቀመጥን።

አማቴ ልጄ ደረቀ፣ አጥንቱ ቀረ ብላ አለቀሰች። ባሌ ቦርጩን ወደ ውስጥ ሳበ፣ የሚያዩት ይመስል። እናቴ የሳሙናውን ነገር አነሳች። አጎቴ ሁሉንም ሰምቶ ፍርዱን ተናገረ፦ ጭቅጭቁ ከገንዘብ ስለሆነ የጋራው ሒሳብ ለሁለት ይከፈል፣ ከእንግዲህ ሁሉም የየራሱን ደመወዝ ይያዝ፣ ሁለታችንም ውክልና እንላክ።

ሳቄ ጠፋ። ግማሹ ገንዘብ ለእኔ፣ ግማሹ ለእሱ ማለት ወፍጮም የለም፣ አይሱዙም የለም፤ ሌላ ሁለት ዓመት ራስ መነቅነቅ ነው። አፌን ስከፍት የመጣልኝ የለመድኩት ነበር፣ ባሌ አይፈቅድም ልል። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ያየኛል። አፈርኩ።

«እማ፣ እሱ ከልክሎኝ አያውቅም» አልኩ። «የማልሰጠው እኔ ነኝ። እሱ ላይ የማላክከው እምቢ ማለት ስለማልችል ነው።»

ባሌም ጉሮሮውን ጠርጎ ለእናቱ ይህንኑ አላት። ከዚያ ስለ ወፍጮው ነገርናቸው፣ ስንት እንደተጠራቀመ፣ ስንት እንደቀረው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አነሳሁት። የአጎቴ ሳል ተሰማ።

«ሳሙናስ?» አለች እናቴ።

«ሳሙና አለኝ እማ።»

«እንግዲያ ጥርሴን ያልኩሽ፣ ቆርቆሮ ያልኩሽ፣ ለራሴ መሰለሽ? ከእሱ አምልጠሽ የምትመጪበትን ትኬት እያጠራቀምኩልሽ ነው እኮ። አንዷንም ሳንቲም አልነካሁም።»

ጥርሷን ግን በእውነት ያማት ነበር፤ በአንድ በኩል እያኘከች ነው የከረመችው። ይህን የነገረችኝ አማቴ ናት፣ ከኋላ ጮክ ብላ። በልቤ የተቀየምኳትን አስቤ አንገቴን ደፋሁ። ባሌ ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ እማማ አይዞሽ፣ በአራት ወር አብረን እንመጣለን፣ አሁን በዚያ ገንዘብ ጥርስሽን ታከሚበት አላት።

«እሱን አልነካውም» አለች እናቴ። «ግን የአንድ ሰው ትኬት ነው፣ ለሁለት አይበቃም። የአንተን ራስህ ቻል።»

«እሺ እማማ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።