የጥቅምት ሠላሳው ክፍያ

በጳጉሜ ሂሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው ያናድደኛል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይከርምና፣ ሌላው ለበዓሉ ዶሮ ሲያጠያይቅ እሱ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ከች ይላል። ደብረ ታቦር ላይ የነጋዴዎችን ሂሳብ እየያዝኩ ነው የምኖረው። ቢሮዬ የምላት ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ያን ቀን ከጉና በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ዛሬስ ማንም አይመጣም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሩ ተከፈተና ወንድምና እህት ገቡ። አውቃቸዋለሁ። አንበሳሜ ላይ በጋራ የእህል ወፍጮ አላቸው፤ የግብር ሂሳባቸውን የምሠራው እኔ ነኝ። ወንድምየው ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፤ በሬዎቹንና ባሕር ዛፉን ሸጦ የወፍጮውን መነሻ ያዋጣ ሰው። ወፍጮ ቤቱን የምታንቀሳቅሰው እህቱ ናት። ሕፃን ልጇን በአንቀልባ አዝላለች። ሁለት ወንበር ሰጠኋቸው፤ ወንድምየው የራሱን አንስቶ ከእሷ ራቅ አድርጎ ተቀመጠ። ገና አፉን ሳይከፍት ነገሩ ጥሩ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ፍረጅን» አለ። «ሦስት መቶ ሺህ ብር ተበደርን። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ከወፍጮው እየወጣ መቶ ሠላሳ ሺህ ተከፈለ፤ እሷ ናት እንዲህ ብላ የጻፈችው። አሁን አበዳሪው የላከው ደብዳቤ ደግሞ ቀሪው ዕዳችሁ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሺህ ነው ይላል። መቶ ሰባ መሆን አልነበረበትም? አርባ ሰባቱ ሺህ የት ገባ?»

እህትየው መሬት መሬት እያየች «ወለድ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

«ወለድ ይህን ሁሉ ይበላል? ካልተጣራ ድርሻዬን አወጣለሁ። ለዘመን መለወጫም ደጃፏን አልረግጥም።»

ድርሻውን ካወጣ ወፍጮው ይሸጣል፤ ሦስታችንም እናውቃለን። እኔን ያሳዘነኝ ግን ሁለተኛው ዛቻ ነው። እኒህ ሁለቱ ሌላ እህት ወንድም የላቸውም።

ደረሰኞቹን ስጠይቃት አንበሳሜ ሣጥን ውስጥ ቀርተዋል አለች። ወንድሟ ድንገት መጥቶ «ተነሽ እንሂድ» ሲላት ልጇን አዝላ ሚኒባስ ላይ ከመውጣት በቀር ጊዜ አላገኘችም። በእጃቸው ያለው የአበዳሪው ደብዳቤና ፍላሽ ላይ የተገለበጠ የብድር ውሉ ስካን ብቻ ነው።

ስካኑን ስከፍተው ደሜ ፈላ። ያነሳው ሰው ወረቀቱን እንኳ ማቃናት አቅቶት የክፍያው ሰንጠረዥ ወደ ጎን ተንጋዷል። ክብ ማህተሙ ደግሞ ሌላ ባዶ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ አኃዞቹ ላይ አርፏል። ሰንጠረዡ የሚናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የመክፈያውን ቀንና የሚከፈለውን ብር። ሠላሳ ስድስት ክፍያ፣ ሁልጊዜ ወሩ በሠላሳ፣ ሁልጊዜ አሥር ሺህ ስምንት መቶ አርባ አምስት ብር ከሰባ ሁለት ሳንቲም። ከዚያ ውስጥ የትኛው ዋናውን እንደሚቀንስ፣ የትኛው ወለድ እንደሆነ አይናገርም። ወለዱን ያገኘሁት ከሌላ ገጽ፣ ከአንቀጾቹ መካከል ነው፤ በዓመት አሥራ ስምንት በመቶ፣ በየወሩ በቀሪው ዋና ገንዘብ ላይ የሚታሰብ። በወር አንድ ተኩል በመቶ ማለት ነው።

ፎቶ አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ፕሮግራም ለቀቅኩበት። ማህተሙ ያረፈበት ላይ ስምንቱን ሦስት እያደረገ አነበበልኝ። እነዚያን በእጄ አረምኩና የእያንዳንዱን ወር ክፍያ ለሁለት ከፈልኩ። የመጨረሻው ወር ላይ ቀሪው ዕዳ ከጥቂት ሳንቲም በቀር ዜሮ ሲሆን እፎይ አልኩ። ዜሮ ካልመጣ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አለ ማለት ነው፤ ዜሮ ሲመጣ ግን ውሉ ራሱ እውነትሽን ነው ያለኝ ያህል ደስ ይለኛል።

ላፕቶፑን ወደ ወንድምየው አዞርኩለት።

«ይዩ አባ፣ የመስከረሙ ይሄ ነው። ዕዳው ያኔ ሦስት መቶ ሺህ ሙሉ ነበር። የሱ አንድ ተኩል በመቶ አራት ሺህ አምስት መቶ ይሆናል። ከከፈላችሁት ላይ መጀመሪያ እሱ ይነሳል። የተረፈው ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አርባ አምስት ብቻ ነው ዋናውን የቀነሰው። በሚቀጥለው ወር ዕዳው ስለቀነሰ ወለዱም ትንሽ ይቀንሳል፣ ዋናውን የሚቀንሰው ይጨምራል። እናንተ ወፍጮ ቤት ጆንያው ሲጎድል የማስፈጫው ዋጋ ይጎድል የለ? እንደዚያ ነው።»

ጆንያው ገባው። ወደ ማያው ጠጋ ብሎ ከላይ ወደታች ተመለከተና «ለጳጉሜስ?» አለኝ።

«ጳጉሜን ውሉ አያውቃትም፤ የሚያስበው አሥራ ሁለት ወር ነው።»

«ተመስገን» አለ። እህቱ ፈገግ አለች። ነገሩ ሊበርድ ነው ብዬ ኮራሁ። እዚያው ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን እስከ ዛሬ የተከፈለውን በአንድ ገጽ ጠቅልዬ ላሳያቸው ፈለግኩ። እስከ ነሐሴ ሠላሳ ቀኑ የደረሰውን ክፍያ ሁሉ ደምር ብዬ ኮምፒውተሩን አዘዝኩና የመጣውን ድምር ሳላገናዝበው ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«መቶ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ሦስት።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ውሉ የጠየቀው መቶ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ከሆነ፣ እሷ ደግሞ ለዕዳ ብላ ከወፍጮው ያወጣችው መቶ ሠላሳ ሺህ ከሆነ፣ የአንድ ወር ክፍያ በእጇ ቀርቷል ማለት ነው።

ወንድምየው ቀስ ብሎ ተነሳ። «አላልኩም?» አለ። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ በልጄ ይሁንብኝ፣ አሥራ ሁለቱንም ከፍለናል።» እንባዋ ወረደ። ሕፃኗ የእናቷን ድምፅ ሰምታ ጀርባዋ ላይ ማልቀስ ጀመረች። አንድ ዓመት ሙሉ ሂሳቧን አይቻለሁ፤ ይህች ሴት ከወፍጮው አንድ ብር አታነሳም። ግን ያን ቁጥር ያነበበው የኔ አፍ ነው።

«ይቀመጡ አባ፣ አልጨረስኩም» አልኩ። ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ቁጣ ሲይዘኝ ሂሳብ ይታየኛል። የኔን ድምር ከአበዳሪው ደብዳቤ ጋር አስተያየሁት። በኔ ድምር ቀሪው ዕዳ ሁለት መቶ ሃያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ አምስት ነው። ደብዳቤው ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አርባ አራት ይላል።

«አባ፣ ይስሙኝማ። አንድ ክፍያ በእጇ አስቀርታ ቢሆን ኖሮ አበዳሪው የሚጠይቃችሁ ከኔ አይበልጥም? እሱ ግን የሚጠይቃችሁ አሳንሶ ነው። እኔ ያላየሁትን ክፍያ እሱ ተቀብሏል። የጎደለው ከእሷ አይደለም፣ ከኔ ነው።»

ሁለቱን ቀናነስኩ፤ ስድስት ሺህ አራት መቶ አርባ አንድ ብር መጣ። ዋናውን የሚቀንሰው ገንዘብ በየወሩ ስለሚለያይ፣ ይህ ቁጥር የማን እንደሆነ ማግኘት ይቻላል። ጣቴን በዓምዱ ላይ ወደታች ሰደድኩ። ሩቅ አልሄድኩም። ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር፤ 30/2፣ ጥቅምት ሠላሳ። ሌሎቹ ቀኖች ሁሉ የሣጥናቸውን ቀኝ ጠርዝ ተጠግተው ሲቆሙ እሱ ብቻውን ግራው ላይ ተለጥፏል። ኮምፒውተሩ ቀን ነው ብሎ አልተቀበለውም ማለት ነው። ለእሱ ሁለተኛው ወር የፈረንጆቹ ነው፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ቀን ደርሶ አያውቅም። እኛ ዘንድ ወሩ ሁሉ ሠላሳ መሆኑን ማን ይንገረው? የዘንድሮውን ጥቅምት ከድምሩ አውጥቶ ጥሎልኛል። ቀኖቹን ትቼ መስመሮቹን እስከ አሥራ ሁለተኛው ደመርኩ። መቶ ሠላሳ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዘጠኝ፤ ከዚያ ውስጥ አርባ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ሦስቱ ወለድ። የደብዳቤው ቀሪ ዕዳም እስከ ብሩ ገጠመ።

«የጥቅምት ነው» አልኩ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ። «የጥቅምት ሠላሳውን ክፍያ ነው ማሽኑ የዋጠው። ያኔ ተከፍሏል።»

ወንድምየው ጥቅምት ሠላሳ የሚለውን ቃል አፉ ውስጥ ደጋገመው። ከዚያ እህቱን አያት፤ ከገቡ ጀምሮ ፊቷን ሲያያት ያኔ የመጀመሪያው ነው።

«ጥቅምት አራስ ነበርሽ» አላት።

«አዎ ጋሼ።»

«ከቤት አትወጭም ነበር።»

«አዎ። ባሌም መኪና ይዞ መንገድ ላይ ነበር። አንቱ ቅቤ ይዘውልኝ መጡ። ብሩን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ሰጠሁዎት፣ እስክትነሽ እኔ አለሁ ብለውኝ ሄደው ከፍለው መጡ።» ቀጥላም «ሲመለሱም የልጅቱን ስም አወጡላት» አለች።

ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እህቱን የጠረጠረበት ክፍያ እሱ ራሱ በእጁ ቆጥሮ የከፈለው ነው። ዝናቡን አየ፣ የኔን ላፕቶፕ አየ። እኔም ወረቀት የማስተካክል መሰልኩ።

«አስቀየምኩሽ» አላት በመጨረሻ። «ይቅር በይኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው ጋሼ፣ ተዉት» አለች፤ ግን አልቅሳ ነው ያለችው፣ ቅልል ብሏት።

የሚቀጥለውን ዓመት አሳየኋቸው። ያው ክፍያ ከዋናው ላይ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ያህል ይቀንሳል፤ ዘንድሮ የቀነሰው ሰማንያ ሦስት ሺህ ገደማ ነበር። ሰንጠረዡን አትሜ ለየራሳቸው አንዳንድ ቅጂ ሰጠኋቸው። ወንድምየው ዋጋዬን ጠየቀኝ፤ ስለ ማሽኔ ጥፋት ግማሹን ተውኩለት። እሱ ግን «የፈረንጅ ጥፋት አንቺን ምን አገባሽ» ብሎ ሙሉውን ከፈለኝ።

ሕፃኗ አሁንም ትነጫነጫለች። እህትየው የአንቀልባውን ጠፍር ፈታችና ልጅቱን ዘረጋችለት። ተቀበላትና ጋቢው ውስጥ አስገብቶ፣ ጥቅምት ላይ ያወጣላትን ስም እየጠራ አባበላት። ከተኳረፉበት ከሐምሌ ወዲህ ስሟን ከአፉ ሰምታው እንደማታውቅ እናትየው በኋላ ነግራኛለች። ደረጃውን ሲወርዱ ጃንጥላውን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ወንበሩን ያራቀው ሰው አሁን ልጅቱ እንዳትረጥብ ብሎ ከእህቱ ትከሻ ተጠግቶ ነው የሄደው።