ሳይደርስ የቀረው የሠንጠረዡ ግማሽ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ የሆቴሉን የፌስቡክ ገጽም የምይዘው እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ ፌስቡክ የሚባል አይከፍቱም፤ የሌሎቹ ሆቴሎች ነገር ግን እረፍት ይነሳቸዋል።

«በየሳምንቱ ስንት ጊዜ እንደሚለጥፉ፣ ስለ ምን እንደሚለጥፉ በወረቀት አድርገሽ አምጪልኝ» አሉኝ አንድ ቀን።

ሰኞ ጠዋት የአራት ሆቴሎችን ገጽ እከፍትና ያለፈውን ሳምንት ልጥፍ ወደ ታች እየወረድኩ እቆጥራለሁ። ኔትወርኩ ያንገበግባል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ መብራት ይሄዳል፤ በስልኬ እቀጥላለሁ። ኤክሴሉ ላይ መጀመሪያ የሆቴሉ ስም፣ ቀጥሎ ሰባቱ ቀናት፣ ከዚያ ድምር፣ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ፦ ምግብ፣ ስብሰባ፣ ሠርግ፣ የበዓል ምኞት። ማተሚያው ያለው ገንዘብ ያዧ ቢሮ ስለሆነ ፋይሉን በፍላሽ እሰጣታለሁ፤ አትማ የምታስገባላቸው እሷ ናት።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከአራቱ አንዱ የጾም ምግብ ፎቶ መለጠፉን ተወ። ሳምንቱን ሙሉ የለጠፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ግን ከፋሲካ በኋላ ለሚሞሸሩ አዳራሽ ያዙ የሚሉ ነበሩ። በጾም ሠርግ ባይኖርም ቤተሰብ መዘጋጀት የሚጀምረው ያኔ ነው። ይህንኑ በጉዳዩ ዓምድ አድምቄ ጻፍኩት።

ባለቤቱ በረንዳው ላይ አግኝተውኝ «እነሱ ሦስት፣ እኛ ዘጠኝ! በርቺ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስለ ምን እንደለጠፉስ አይተውታል?»

«ወረቀቱን አይቻለሁ እኮ። አሥራ ሁለት አድርጊው።»

አደረግሁት። ሽሮ፣ ምስር፣ ደግሞ ሽሮ።

ፋሲካ አልፎ የሠርጉ ወቅት ሲገባ አዳራሻችን ሁለት ሠርግ ብቻ አገኘ። ከደብረ ወርቅ የመጣ አንድ የሙሽራ ወንድም ለዘመዶቹ መኝታ ሊይዝ ገብቶ፣ ገና በጾሙ መጀመሪያ የሌላ ሆቴል የአዳራሽ ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ አይተው እዚያ መያዛቸውን ለባለቤቱ አጫወታቸው። ወዲያው ተጠራሁ።

«ይህንን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጽፌዋለሁ፣ ጋሼ!»

ማህደሩ ወጣ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ወረቀት፤ ሁሉም ድምሩ ላይ ያበቃሉ። ጉዳዩ የተጻፈበት ዓምድ ከወረቀቱ ስፋት አልፎ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይታተም ነበር።

ገንዘብ ያዧ ደንግጣ «ሁለተኛው ገጽ የሆቴል ስም የለውም፤ ማተሚያው ያበላሸው መስሎኝ እጥለው ነበር» አለች።

ተናደድኩ። በእሷ እንዳልቆጣ፣ እኔም አንድ ቀን የታተመውን አላየሁም። በእሳቸው እንዳልቆጣ፣ ግማሹ አልደረሳቸውም፤ ሆኖም ስለ ምን እንደለጠፉ የጠየቁኝ ራሳቸው አልነበሩም ወይ? መጉደሉን እንዴት አላስተዋሉም?

በሚቀጥለው ሰኞ የሚታተመውን ገጽ አግድም አዞርኩ፤ ጉዳዩን ከስሙ ቀጥሎ አደረግሁ፤ አንድ ወረቀት ላይ መግባቱን አይቼ በእጄ ወስጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ድምሩን የት ወሰድሽው?» አሉኝ።

በጣቴ አሳየኋቸው።