ማይካችሁን ዝጉ

ከወሎ ለሥራ ወጥቼ ዲላ የሰነበትኩ ሴት ነኝ። የምሠራው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ በዚያን ዕለት ከገበሬዎች ጋር በኢንተርኔት የሚደረገውን ስብሰባ፣ ዌቢናሩን፣ እንድመራ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። የውጭ ገዢዎች ቡናው ደን ባልተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም የየማሳው መገኛ በስልክ ጂፒኤስ ተነሥቶ መላክ አለበት። ይርጋጨፌ አጠገብ ያሉት የኢዲዶ ገበሬዎች እምቢ ካሉ ቡናቸው ለእነዚያ ገዢዎች አይሸጥም።

ስክሪፕቱን የጻፈው አዲስ አበባ ተምሮ የመጣው ሥራ አስኪያጃችን ነው። መክፈቻ፣ ማሳሰቢያ፣ ጥያቄና መልስ፣ መጨረሻ ላይ ጥሪ። ጥሪው «ዛሬውኑ መሬታችሁን አስለኩ!» ይላል።

«ይሄን ቃል ብንቀይረው» አልኩት። «እዚህ መሬት ይለካል ሲባል ሰው የሚሰማው ሊወሰድ ነው፣ ወይ ግብር ሊጨመር ነው። "ቡናው ያለበትን ቦታ በስልክ እናንሣ" ብንል ይሻላል።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የጌዴኦ ሰው ሆንሽ? የተጻፈውን አንብቢ። ጥሪ አጭር ነው የሚሆነው።»

አስተግፊሩላህ ብዬ ዋጥኩት።

በስክሪኑ ላይ ኢዲዶዎቹ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ከአንድ ላፕቶፕ ፊት ተሰብስበው ይታያሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እየጸለዩ ነበር።

«ጀምሪ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለኝ ሥራ አስኪያጁ ከጎኔ።

«ጸሎት ላይ ናቸው።»

«ስክሪፕቱ ላይ ጸሎት የለም!»

እምነታችን ለየቅል ቢሆንም በሰው ጸሎት ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት አልሆነልኝም። አሜን እስኪሉ ጠበቅሁ፤ እሱ ወንበሩን እያንቋቋ ተቆጣ። ከዚያ መክፈቻውን አነበብኩ፤ ማሳሰቢያውንም ቀጠልኩ፦ «ስብሰባው ይቀዳል። ማይካችሁን ዝጉ። ጥያቄ ያለው በቻት ይጻፍ፤ መናገር የፈለገ እጁን ያንሣ።»

ላፕቶፑን የያዘችላቸው አንዲት መምህርት ማይኩን ዘጋች። ከኋላዋ አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን ያነሣ ነበር፤ የራሱን እጅ። እኛ ጋ የሚቆጠረው ግን በስክሪኑ ላይ የሚነካው የእጅ ምልክት ነውና፣ ሥራ አስኪያጁ «ማንም እጅ አላነሣም፤ እለፊ» አለ።

ጥያቄና መልሱ ላይ ያነበብኩት እሱ አስቀድሞ ያዘጋጃቸውን ጥያቄዎች ነበር። የገበሬዎቹን ጥያቄ መምህርቷ በቻት ትልክ ነበር፤ «ለምን ይለካል? ካርታው ማን እጅ ይገባል?» የሚል ነበር። እሱ «ይሄን ተዪው» አለኝ። ተውኩት። ከዚያ ጥሪው ላይ ደረስኩ። «ዛሬውኑ መሬታችሁን አስለኩ» ስል አዳራሹ ተነሣ። መምህርቷ ማይኩን ከፈተችው፤ ጩኸቱ ክፍላችንን ሞላው።

«ማነው የሚለካው?»

«ሌባ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ መሬቱ የአባትሽ ነው?»

«ሁሉንም ዝጊ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ጮኸና እጄን ገፍቶ የድምፅ መዝጊያውን ራሱ ነካው። ሁሉም ድምፅ ጠፋ፤ መልሰው እንዳይከፍቱም ከለከለ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ካሜራውን አዩና ጀርባቸውን ሰጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው።

ክልከላውን አነሣሁት። ማይካቸውን ግን እኔ መክፈት አልችልም፤ «ክፈቱልን» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የምችለው። ጥያቄውን ላክሁ። መምህርቷ ሽማግሌውን መልሳ ጠርታ ማይኩን ከፈተች።

«አባባ፣ ይናገሩ» አልኳቸው።

«ምን ልናገር ልጄ? መጀመሪያ ዝጉ አልሽን። ስንናገር ዘጋሽን። አሁን መሬታችሁን ክፈቱልኝ ትያለሽ?»

ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ «ጨርሺው፣ አመስግኚና ጨርሺው» ይለኛል። በስክሪፕቱ ላይ ከጥሪው ቀጥሎ «ስለተሳተፋችሁ እናመሰግናለን» የሚል ነበር። ያልተሳተፈን ሰው ስለተሳተፍክ ብሎ ማመስገን ውሸት መሰለኝ።

«ዛሬ የማንም ማሳ በስልክ አይነሣም» አልኳቸው። «ነገ እኔው እመጣለሁ። ጥያቄያችሁን ሁሉ ፊት ለፊት ጠይቁኝ።»

«በማን ፈቃድ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ማይኬ ክፍት ነበርና ኢዲዶም ሰማው። አዳራሹ ውስጥ አንዱ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ብሎ ሰዉን አሳቀ፤ ሳቁ ግን የደግ ሳቅ አልነበረም።

በማግሥቱ ከዲላ ይርጋጨፌ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወደ ኢዲዶ በሞተር ወጣሁ። እዚያው አዳራሽ አስገቡኝ። ወንበር የሰጠኝ አልነበረም፤ ከፊት ቆምኩ። በመንገድ ላይ ያሰላሰልኩትን ማብራሪያ ለመጀመር አፌን ስከፍት ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፤ መጀመሪያ እንጸልያለን» አሉ። ጸለዩ። አጎንብሼ ጠበቅሁ። ከአሜኑ በኋላ ገና «አባባ…» እንዳልኩ አቋረጡኝ።

«ማሳሰቢያ አለ» አሉ፤ አዳራሹ ከወዲሁ መሳቅ ጀመረ። «አንቺ ማይክሽን ዝጊ። ጥያቄ ካለሽ እጅሽን አንሺ።»

ዘጋሁ። ከኋላ ያለችው ሴት ቀድማ ተናገረች፤ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ሌላው። እኔ እጄን ሳነሣ ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም።