«አራተኛው ነው» ያልኩ ቀን

«ማን ነገረሽ?» አለኝ የልጄ አለቃ። ልጄን በገዛ አፌ ገደል እንደከተትኳት የገባኝ ያኔ ነው።

ጉርድ ሾላ በሚገኝ አንድ የጤና ኮሌጅ አጽጂ ነኝ። ልጄ እዚያው ነርሶችን ታስተምራለች። ተማሪዎቹ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ከመቀመጣቸው በፊት ኮሌጁ ያንኑ የመሰለ ፈተና ይሰጣቸዋል፤ ጥያቄውን የሚያወጡት እሷና የክፍል ኃላፊዋ ናቸው። አንዱ ያወጣውን ሌላው ያያል። እሷ የሱን ደጋግማ መልሳበታለች፤ «ያልተማረ ሰው የሚገምተው ጥያቄ የበሽተኛ ነፍስ አደራ የሚሰጠውን ሰው አይለይም» ብላ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን እንኳ አይመልስም።

ያልተማረው ሰው እኔ ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ልጄ ተማሪ ተፈትኖባቸው ያለፉ አሮጌ ጥያቄዎችን ቤት ታመጣና በአማርኛ ታነብልኛለች። መልሱን ካገኘሁት ጥያቄው ተበላሽቷል ማለት ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ያን ቀን የኃላፊውን ቢሮ ስወለውል እሱ አዲስ ጥያቄውን ለአንድ ባልደረባው እያስረዳ ነበር። የስኳር በሽተኛ ነው፤ ላብ አጥምቆታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል። ምን ይደረግለት? አንድ፣ ሁልጊዜ ኢንሱሊን መውጋት። ሁለት፣ በፍጹም ምግብ አለመስጠት። ሦስት፣ ትቶት መሄድ። አራት፣ የደሙን ስኳር መለካት፣ ዝቅ ካለና መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገር መስጠት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ መለካት።

«አራተኛው ነው» አልኩ፣ መወልወያዬን ይዤ። ለጨዋታ ነበር።

ያ ጥያቄ ለካ ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ልጄ እንድታየው ተሰጥቷት ኖሯል። ኃላፊው ከሷ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ግን አንቺ ነው የሚለኝ። «ነገ ኮሚቴ ፊት ትደግሚዋለሽ። ፈተና ያሾለከ ሰው ከሥራ ብቻ አይባረርም፤ ልጅሽ የሙያ ፈቃዷንም ትመልሳለች» አለኝ።

መገናኛ ታክሲ ተሰልፈን ለልጄ ነገርኳት። አልጮኸችም። እቤት እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢዋ ጠና ያለች አዋላጅ ናት። ኃላፊው መጀመሪያ ተናገረ። «የጽዳት ሠራተኛ የነርስ ፈተና የምትመልሰው ከየት አምጥታ ነው? ከቤቷ ነዋ» አለ። አንዱ ሳቀ። ልጄ ፈተና ላለማሾለክ የፈረመችውን የምስጢር ውል እንዳልጣሰች፣ የምታነብልኝ አሮጌውን ብቻ እንደሆነ ስትናገር አቋረጣት፤ እናትና ልጅ ምስክር ሊሆኑ ነው ወይ ብሎ።

ሰብሳቢዋ ለማንም ያላሳየው ጥያቄ እንዳለው ጠየቀችው። ከመሳቢያው አመጣ። በአማርኛ አነበበችልኝ። ስለ ኩላሊት ነበር፤ ከኩላሊት የማውቀው ሥጋ ቤት ያለውን ነው። ሦስተኛውን አልኩ። መልሱን ከወረቀቱ አመሳከረች፤ ልክ ነበርኩ።

«እንዴት አገኙት?» አለችኝ።

«ሌሎቹ አጫጭር ናቸው፤ ሁልጊዜ፣ በፍጹም ይላሉ። ሰው ነገሩን ሲያውቀው ነው እንዲህ ከሆነ እያለ የሚያስረዝመው።»

ቀጥላ ልጄ ያወጣችው አዲስ ጥያቄ ያለበትን የታሸገ ፖስታ ቀደደች። ሴትየዋ ከወለደች አንድ ሰዓት ሆኗታል፤ ደም በብዛት ይፈሳታል፤ ማህፀኗ ሲነካ ልል ነው፤ ሽንቷን አሁን ሸንታለች። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ማህፀኗን ማሸት፣ ግፊቷን መለካት፣ የተቀደደ ቦታ መፈለግ፣ ሽንት እንድትሸና ማገዝ። አራቱም እኩል ናቸው፤ አራቱም ሐኪም ቤት የሚሠራ ሥራ ነው። የትኛውን ልበል? ጤና ጣቢያ ስሄድ መጀመሪያ ክንዴን ነው የሚያስሩት።

«ግፊቷን መለካት» አልኩ።

ልጄ አንገቷን ደፋች። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

ሰብሳቢዋ ከሥር የተጻፈውን ማብራሪያ አነበበች። ማህፀኑ መላላቱ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል፤ ስለዚህ ማሸት ይቀድማል። ቁስል ቢሆን ማህፀኑ ጠንካራ ሆኖ ነበር የሚደማው። ፊኛዋ ባዶ ነው። ግፊት መለካት ደሙን አያቆምም፤ ግፊቱ ደግሞ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው የሚወርደው፤ «በልማድ የሚሠራ ተማሪ ይህን ይመርጣል» ይላል።

«ሆን ብላ ነው የሳተችው» አለ ኃላፊው።

«ይሁን» አለች ሰብሳቢዋ። «ያንተን ግን ማን ነገራት? ከመሳቢያህ አሁን ነው የወጣው።»

ኃላፊው ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። የሱ ጥያቄዎች በሙሉ እንደገና ይጻፉ፣ ልጄ ላይ የቀረበው ክስ ይሰረዝ ተብሎ ተፈረመ። ሲወጣ በሩን ወርውሮ ዘጋው።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «እማ፣ የኔን በመሳትሽ እኮ ነው ደስ ያለኝ» አለች። ኃላፊው ዛሬም ሲያልፍ የወለወልኩት ወለል ላይ ጭቃ ያራግፋል። ያራግፍ። ልጄ ሥራዋ ላይ ናት፣ ፈቃዷም በእጇ ነው። ተርፈናል።